«ዘራቸው ነው» እንዳይባል

በወላይታ ዝሆኔ ላበጠው እግር ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው የሰው ዓይን ነው። ጋብቻ ሲታሰብ «ዘራቸው ነው» ይባልና ነገሩ ይቀራል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ የዝሆኔ ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ሆኖም አንድ ማሳ ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን ይተዋል፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ይደጋገማል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከጂን ሊፈልጉ ሲነሡ ችግሩ እዚህ ላይ መጣ።

ናሙና መስጠት ሰውነትን የሚጎዳ ነገር የለውም። ጉዳቱ ያለው ስለ ጥናቱ በሚነገረው ቃል ውስጥ ነው። «ጂን» ለማለት በአማርኛ የሚቀናን «ዘር» ነው፤ ያው ጋብቻ የሚያፈርሰው ቃል። በስምምነት ቅጹ ላይ ይህ ብቻ ቢጻፍ ጥናቱ የመንደሩን ሐሜት በሳይንስ ማኅተም ያጸድቀው ነበር። የሚጎዳውም ፈቅዶ የፈረመው ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልጠየቃት እኅቱም ጭምር ናት። ስምን በቁጥር መተካት እሷን አይከልላትም።

ስለዚህ አጥኚዎቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ሕዝቡን ራሱን ጠየቁ፤ ያገኙትንም በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሕሙማኑ ጥናቱ መገለሉን እንዳያብሰው ይፈሩ ነበር። የተሻለው መንገድ አፈሩንና ጂኑን አንድ ላይ ማስረዳት፣ በሽታውን መከላከል እንደሚቻልም አብሮ መንገር ሆነ።

ምስጢር መጠበቅም ፋይል ከመቆለፍ በፊት ይጀምራል። የአጥኚ መኪና አንድ ደጃፍ ላይ ብቻ ከቆመ ሰፈሩ ማን እንደታመመ ያለ ሰነድ ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የ«እሺ» ነገር ነው። ጫማና ቅባት የሚሰጠው ሰው «ጥናት ላይ ትሳተፋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ድሃ ሕመምተኛ እንዴት እንቢ ይላል? የጣት አሻራው ቅጹ ላይ ያርፋል፤ ፈቃዱ ግን ላይኖርበት ይችላል። አንድ ገምጋሚ ኮሚቴ ይህን መለየት ከፈለገ ፊርማ መቁጠሩን ይተውና ተሳታፊው የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ያስጠይቅ። «እንቢ ብትል ምን ይቀርብሃል?» ሲባል «ሕክምናዬ» ካለ ስምምነት አልተገኘም፤ ማስረዳቱ እንደገና መጀመር አለበት። ማንም እንቢ ያላለበት መዝገብም ቢሆን ሊያስደስተን አይገባም፣ ሊያጠራጥረን እንጂ።

የጂን ጥናቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ። 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ ልዩነት ከሰውነት መከላከያ ጋር በተያያዙ ጂኖች አካባቢ አገኘ። ይህ ልዩነት ብቻውን ግን እግር አያሳብጥም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገን ሰው በሽታው አይዘውም።