የዛሬ ዕጣና የኋላ ዕጣ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። ይህን በወረቀት የምታነቡ ደግሞ እርሳስና ደብተር ያዙ፤ ጥቂት ሒሳብ አለብን።

መሐል ሜዳም ሆነ ራቤል፣ ዓለም ከተማም ሆነ ሞላሌ፣ ዕቁብ የማያውቅ ሰው አይገኝም። እንግዲህ አንድ ዕቁብ እናቋቁም። ሰዎቹ 12 ናቸው። እያንዳንዱ በወር 1,000 ብር ይጥላል። በየወሩ 12,000 ብር ይሰበሰብና ዕጣ ይወጣል። የመጀመሪያው ዕጣ በጥቅምት ነው፤ የመጨረሻው በሚቀጥለው ዓመት መስከረም። ጳጉሜን ለጊዜው እንተዋት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጥቅምት የደረሰው ሰው 12,000 ብር ወሰደ። በመስከረም የደረሰውም 12,000 ብር ወሰደ። ሁለቱም የጣሉት 12,000 ብር ነው። ታዲያ እኩል ናቸው? በደብተሩ ላይ እኩል ናቸው። ዳግሞ ግን ዕጣ ሲወጣ የሁሉም ዓይን ወደ ሳጥኑ የሚያፈጠው ለምንድን ነው? ሁሉም «ለእኔ በቅድሚያ በወጣልኝ» የሚለው ለምንድን ነው? ሰው ልዩነቱን በልቡ ያውቀዋል። እኛ ዛሬ በቁጥር እናየዋለን።

በጥቅምት ዕጣው የወጣላት አንዲት ሴት ናት እንበል። ያሰበችው ሁለት እናት በጎች ለመግዛት ነው። የአንዷ ዋጋ 6,000 ብር ነው ብለን እንያዝ። የበግ እርግዝና አምስት ወር ነው። በጥቅምት ያረገዘች በግ በመጋቢት ትወልዳለች። መስከረም ሲጠባ ጠቦቷ ስድስት ወር ሞልቷታል፤ ለመስቀል ገበያ ልትደርስ ትችላለች። የመጨረሻው ዕቁብተኛ ገንዘቡን ገና በእጁ ሲቆጥር፣ የዚች ሴት ገንዘብ በጓሮ ወልዷል። ጊዜ ያላት ገንዘብ ሥራ ሠርታለች ማለት ነው።

ሁልጊዜ ይሆናል አልልም። ቀበሮ ጠቦት ይነጥቃል፤ ረግረግ ሜዳ ላይ የዋለች በግ የጉበት ትል ይዟት ትከሳለች። ገንዘቡን በሣጥን ቆልፋ ብታስቀምጠውም ምንም አይወልድም። የቅድሚያ ገንዘብ የሚበልጠው ሥራ ላይ ሊውል ስለሚችል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕጣው እንደ ወጣ አንድ ጎረቤቷ ወደ እርሷ ቀርቦ፣ «እኅቴ፣ ቸግሮኛልና ዕጣሽን ሽጪልኝ፤ 600 ብር ልጨምርልሽ» አላት። ይህ በዕቁብ የተለመደ ነው። እርሱ የዛሬውን 12,000 ብር ይወስዳል፤ 600 ብሩን አሁኑኑ ይሰጣታል። እርሷ የእርሱን ቦታ ይዛ ዕጣዋን ትጠብቃለች። ሁለቱም ወርሃዊ 1,000 ብራቸውን እንደ ቀድሞው ይጥላሉ። ትሽጥለት ወይስ አትሽጥለት?

በመጀመሪያ ስንት ወር እንደምትጠብቅ እንይ። የቀሩት ዕጣዎች 11 ናቸው፤ ከኅዳር እስከ መስከረም። ዕድለኛ ከሆነች አንድ ወር፣ ካልሆነች 11 ወር ትጠብቃለች። መካከለኛው ሚያዝያ ነው፤ ከጥቅምት ስድስት ወር ይርቃል። ስለዚህ ስድስት ወር ብለን እናስላ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ያለ ምንም ድካም በስድስት ወር ስንት ይወልድ ነበር? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በመቶ ማለት ከ100 ብር ላይ ማለት ነው። ያንን 7 እንያዝ። ባንክ የተቀመጠ 100 ብር በዓመት 107 ብር ይሆናል፤ በስድስት ወር ግማሹን፣ 3 ብር ከ50 ሳንቲም ይወልዳል። ሴትየዋ 12,000 ብሯን ባንክ ብታስገባ በሚያዝያ 420 ብር ወለድ ታገኝ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ወደ ኋላ እናዙረው። በሚያዝያ 12,000 ብር እንዲሆን ዛሬ ስንት ማስቀመጥ ይበቃል? 12,000ን ለ103 ከ50 አካፍላችሁ በ100 አባዙት። ወደ 11,594 ብር ይመጣል። ስለዚህ በሚያዝያ የሚገኝ 12,000 ብር፣ በባንክ ሚዛን ሲመዘን፣ ዛሬ 11,594 ብር ነው። ጉድለቱ 406 ብር ነው። «ቅድም 420 ነበር፤ አሁን 406 ሆነ» የሚል ሰው ቢኖር ልክ ነው። 420 ብሩ በሚያዝያ የሚከፈል ነው፤ 406 ብሩ ግን ዛሬ በእጅ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ስለሚሰጥ ነው ያነሰው።

ጎረቤትየው ያቀረበው 600 ነው። በባንክ ሚዛን ከ406 ይበልጣልና ሴትየዋ ብትሸጥ ተጠቅማለች። ነገር ግን የባንክ ሚዛን የገበያን ሚዛን አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. በሀገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንደዚያ ባለ ዓመት በግማሽ ዓመት ከ100 ብር ላይ 14 ብር ያህል ይጨምራል። የበግ ዋጋም እንደዚያው ቢሄድ፣ የ6,000 ብሯ በግ በሚያዝያ 6,840 ትሆናለች። ሁለቱ 13,680 ብር ናቸው። ሴትየዋ 12,000ና 600 ብር ይዛ ገበያ ብትወጣ 1,080 ብር ይጎድላታል። በኅዳር ቢደርሳት ግን ጉድለቱ ላይኖር ይችላል፤ ዕጣ ነውና።

ስለዚህ መልሱ የሚገኘው ገንዘቡን ለምን እንደፈለገችው ነው። ለበግ ከሆነ 600 ብር ያንሳታል። ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ዕቁቡ ካለቀ በኋላ ለልጇ ሠርግ ልታወጣው ከሆነ ግን፣ 600 ብሩ ያለ ሥራ የተገኘ ነውና መሸጡ ይሻላታል።

ጎረቤትየውስ ሞኝ ነው? አይደለም። ከአራጣ አበዳሪ በወር ከመቶ 10 ሒሳብ 12,000 ብር ቢበደር፣ ወለዱ ብቻ በወር 1,200 ብር፣ በስድስት ወር 7,200 ብር ነበር። ለእርሱ 600 ብር ርካሽ ነው፤ 1,500 ብትለውም ሳይከፍል አይቀርም። ባለ ዕጣ ዋጋ ሲጠይቅ የገዢውንም መውጫ ማወቅ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ገንዘብ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዕቁቡን መጣል ሊያቆም ይችላል፤ ዳኛው ዋስ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ዕጣ ሲሸጥ የገዢው ዋስ ዳኛው ፊት ይቀርባል። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ «የጥቅምት ዕጣ ለእገሌ ተሽጧል፤ እገሊት ዕጣዋ አልወጣም» ብሎ ይጽፋል። ሴትየዋ እንግዲህ ማንበብ ተምራለችና፣ ይህን መስመር ራሷ አንብባ ትፈርማለች፤ 600 ብሩንም እዚያው ቆጥራ ትቀበላለች።