የአንድ ሳህን ምሳ ስንት ያወጣል?

የሠራተኞች ምግብ አቅርቦት ጨረታ ሲወጣ የኬተሪንግ ድርጅቶች መጀመሪያ የሚሯሯጡት ወረቀት ለማሟላት ነው፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የታክስ ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ዋጋ በስህተት በቴክኒካል ፖስታው ውስጥ ቢገባ ተጫራቹ ገና ሳይወዳደር ሊወድቅ ይችላል። ይህ ግን በጥንቃቄ የሚታለፍ ነው። አሸናፊውን ጭምር የሚያከስረው የሳህኑ ሒሳብ ነው።

አንድ ፋብሪካ ለ800 ሠራተኞች በወር 26 ቀን ምሳ ፈለገ እንበል። ሰነዱ ዋጋው ዓመቱን ሙሉ እንደማይቀየር ይገልጻል። ለአንድ ሰው ወጥ 80 ግራም ሽንኩርት ቢያዝ በቀን 64 ኪሎ ይፈጃል። ክረምት ገብቶ ኪሎው በ30 ብር ቢወደድ ወጪው በቀን 1,920 ብር ይጨምራል፤ በሳህን ሲካፈል 2 ብር ከ40 ሳንቲም። ተጫራቹ ለማሸነፍ ብሎ በሳህን 6 ብር ብቻ አትርፎ ከሆነ ሽንኩርት ብቻውን ከትርፉ 40 በመቶውን ወሰደ ማለት ነው። ጤፉና ዘይቱ ገና አልተነኩም። ስለዚህ ዋጋ የሚወጣው በዛሬው ገበያ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ውድ በነበረው ወር ነው።

ጾምም ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር ስለሚበላ ወጪ ይቀንሳል ብሎ የሚያሰላ ሰው ግማሹን ረስቷል። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በዚያው ቀን የፍስክ ይጠይቃሉ። ሁለት ድስት፣ የተለያየ ጭልፋ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ጥሩ ቴክኒካል ፕሮፖዛል የሁለት ሳምንት ሜኑ ሲያቀርብ የጾሙን ከፍስኩ ለይቶ፣ የሥጋውንም ግራም ጽፎ ነው። «ጥራት ያለው ምግብ እናቀርባለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ስለሚጽፈው፣ ነጥብ አያስገኝም።

ከሁሉ የሚሸወድበት የተመጋቢው ቁጥር ነው። ሰነዱ 800 ቢልም ክፍያው በተበላው ሳህን ልክ ከሆነ፣ 600 ሰው በመጣ ቀን የማብሰያ ቤቱ ደመወዝና የመኪናው ኪራይ አይቀንስም፤ የተረፈው ወጥም ገንዘብ ነው። መፍትሔው ፕሮፖዛሉ ውስጥ «ከዚህ በታች ከሆነ ዋጋ እንጨምራለን» ብሎ መጻፍ አይደለም። ቅድመ ሁኔታ ያለበት ዋጋ ውድቅ የሚደረግበት ጨረታ ብዙ ነው። ጥያቄው ሰነዱ በሚሰጠው የማብራሪያ ጊዜ ውስጥ በደብዳቤ መቅረብ አለበት፤ በቀን ቢያንስ ለስንት ሰው ይከፈላል? የሚቀር ሰው በስንት ሰዓት ይነገረናል? መልሱ «ዋስትና የለም» ከሆነ ቋሚ ወጪው ለ800 ሳይሆን ለ600 ሳህን ይካፈላል።

የዋጋ ቅጹ ላይ ሲደረስ 15 በመቶው ቫት መካተት አለመካተቱ በግልጽ ይጻፍ። ሰነዱ ዋጋው ቫትን ይጨምራል እያለ ተጫራቹ ከቫት በፊት ያለውን ከሞላ፣ ካሸነፈ በኋላ ቫቱን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።