የሁለት ሰዓት ሰርግ በቀጭን መስመር

ባለፈው ጥር ያቀናበርኩት የሰርግ ቪዲዮ ልክ ሁለት ሰዓት ነበር። የሙሽራው እናት የሚኖሩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለሰርጉ መምጣት ስላልቻሉ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ሊንኩ እንዲላክላቸው ተስማማን። እኔም የማቀናበሪያው ፕሮግራም ራሱ ያቀረበልኝን ምርጫ ሳልነካ ኤክስፖርት አደረግሁት። የወጣው ፋይል 14.4 ጊጋባይት ሆነ። ማታ አፕሎዱን አስጀምሬ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግማሹ እንኳ አልደረሰም። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። በሦስተኛው ቀን እናትየው ደውለው «ልጄ፣ ምነው ጠፋችሁብኝ?» አሉኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥሁት ያኔ ነው።

ነገሩ የሚፈታው ቢትሬት ከሚባለው ቁጥር ነው። ቢትሬት ማለት አንድ ሰከንድ ቪዲዮ ምን ያህል ዳታ እንደሚወስድ የሚናገር ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ የሰጠኝ በሰከንድ 16 ሜጋቢት ነበር። የኔ መስመር ደግሞ በሰከንድ የሚጭነው በአማካይ 1.6 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ አንዱን ሰከንድ ለመጫን አሥር ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ሰዓት ሃያ ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ቢትሬቱን ለመስመሩ ፍጥነት አካፍለው በቪዲዮው ርዝመት ካባዙት፣ አፕሎዱ የሚፈጀውን ጊዜ ኤክስፖርት ከማድረግዎ በፊት ያውቁታል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሬዞሉሽን የሚባል ነገር እንደሌለ ልብ ይበሉ። 1080ም ይሁን 720፣ ቢትሬቱ አንድ ከሆነ የፋይሉ መጠንም አንድ ነው። ሬዞሉሽኑን ቀንሶ ፋይሉ አላንስ ያለው ሰው፣ ቢትሬቱን ሳይነካ የተወ ሰው ነው።

የመስመርዎን ፍጥነት ሲለኩ መታየት ያለበት የማውረጃው ሳይሆን የመጫኛው ቁጥር ነው። ሁለቱ በብዙ መስመሮች ላይ በጣም ይለያያሉ፤ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው ነው። እኔ የለካሁት በተለያዩ ምሽቶች ነበር፤ የተሻለው 2 ሜጋቢት ሲሆን ለስሌቴ የወሰድኩት ግን 1.6ቱን ነው። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ሜጋቢትና ሜጋባይትን ማምታታት ነው። ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ሲሆን፣ አንዱ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው።

ከዚያ በኋላ ከምስሉ ሳይሆን ከሰዓቱ ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ የሚረጋጋው ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ነው፤ ስምንት ሰዓት። መስመሩ መሀል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል ሦስቱን ሰዓት ለመጠባበቂያ ትቼ በአምስት ሰዓት የሚያልቅ ፋይል ፈለግሁ። በአምስት ሰዓት የሚጫነውን ለሁለት ሰዓት ቪዲዮ ሳካፍለው የደረሰኝ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። ለድምፁ 0.2 ሲነሳለት ለምስሉ 3.8 ይቀራል። የፋይሉ መጠን 3.6 ጊጋባይት ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ሩብ ማለት ነው።

ዩቲዩብ ለ1080 ምስል የሚመክረው 8 ሜጋቢት ነው። በኔ መስመር ይህ አሥር ሰዓት ስለሚፈጅ ከአንድ ሌሊት ያልፋል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ 3.8 ሜጋቢት ምን ያህል ምስል መሸከም ይችላል የሚል ሆነ።

ይህን በግምት መወሰን አይቻልም፤ መሞከር ነው። ከሰርጉ ውስጥ ከባዱን አንድ ደቂቃ ቆርጬ አወጣሁ። ለኮዴክ ከባድ የሚባለው ብዙ ነገር በአንዴ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው፦ መብራቱ የሚብለጨለጭበት፣ ጭስ የተለቀቀበት፣ ሁሉም እስክስታ የሚመታበት። ንግግሩና የፎቶ ፕሮግራሙ ቀላል ናቸው፤ አብዛኛው ምስል ሳይለወጥ ስለሚቆይ ትንሽ ዳታ ይበቃቸዋል። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ግን ሰው ባይንቀሳቀስበትም ያስቸግራል። ካሜራው የሚፈጥራቸው የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በየፍሬሙ ስለሚለዋወጡ ኮዴኩ እነሱንም እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ ዳታ ያባክንባቸዋል። መጠነኛ የማጥሪያ ኢፌክት መጠቀም እዚህ ላይ ይክሳል።

ያቺን ደቂቃ በ3.8 ሜጋቢት አንድ ጊዜ በ1080፣ አንድ ጊዜ በ720 አውጥቼ ቴሌቪዥን ላይ አየኋቸው። ስልክ ላይ ማየት አያዋጣም፤ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። የማየው የቀሚሱን ጥበብና የነጠላውን ጫፍ ነው። በ1080ው ሴቶቹ ሲሽከረከሩ ጥበቡ ተጨማልቆ አንድ ቀለም ሆነ፣ ከጀርባ ያለው ጥቁር ግድግዳም በአራት ማዕዘን ተሰባበረ። በ720ው ምስሉ ትንሽ ለስለስ ቢልም ጥለቱ ይለያል፣ ግድግዳውም አልተሰባበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 720 ያለው የነጥብ ብዛት ከ1080 ግማሽ በታች ስለሆነ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ዳታ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ዩቲዩብ የተቀበለውን ሁሉ እንደገና ያምቀዋል። ተሰባብሮ የሄደ ምስል እዚያ ሲደርስ ሌላ ስብራት ይጨመርበታል፤ ለስለስ ያለው ግን ብዙም አይጎዳም። የቪዲዮው መጠሪያ 1080 እንዲባል ብቻ ጥበቡን መሠዋት ትክክል አይመስለኝም።

ኮዴኩን የመረጥኩት መጨረሻ ላይ ነው። H.265 የሚባለው አዲሱ ኮዴክ ከተለመደው H.264 ባነሰ ዳታ ተቀራራቢ ምስል ይሰጣል፤ በ3.8 ሜጋቢት 1080ውን እንኳ ሊያድነው ይችል ነበር። ዋጋው የኮምፒውተር ጊዜ ነው። ያቺው ደቂቃ በኔ አሮጌ ላፕቶፕ አራት ደቂቃ ፈጀችበት፤ ሙሉው ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ከጠፋ ደግሞ ያላለቀ MP4 ፋይል አይከፈትም፤ ከዜሮ ይጀመራል። H.264 በ720 ግን አንዱን ደቂቃ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። በግራፊክስ ቺፑ ማስወጣት ከሁለቱም ይፈጥናል፤ ሆኖም በዝቅተኛ ቢትሬት ምስሉ ይደክማል። ጠንካራ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ መብራት ያለው ሰው H.265ን ቢመርጥ ያዋጣዋል። እኔ H.264ን ወሰድኩ።

ኤክስፖርቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ፤ `VBR, 2 pass` የሚለውን መረጥኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሙሉውን ቪዲዮ ያጠናል፤ ከዚያ ከንግግሩ የተረፈውን ዳታ ለጭፈራው ያውላል፣ አማካዩ ግን ከ3.8 አያልፍም። የፍሬም ብዛቱን ካሜራው በቀረጸበት 25 ተውኩት።

ከ15 ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ ለመጫን የዩቲዩብ አካውንቱ በስልክ ቁጥር መረጋገጥ አለበት፤ ይህን ቀን ላይ መጨረስ ነው። በዚያ ሌሊት መስመሩ አንዴ ተቋረጠ፤ ያንኑ ፋይል መልሼ ስመርጥ ካቆመበት ቀጠለ። ፋይሉን እንደገና ኤክስፖርት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር።

ንጋት ላይ አልቆ ስከፍተው ምስሉ ደብዛዛ ነበር። ዩቲዩብ ዝቅተኛውን ጥራት አስቀድሞ ያወጣል፤ ከፍተኛው ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ ለረጅም ቪዲዮ ደግሞ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሰዓት ደንግጦ አጥፍቶ እንደገና የሚጭን ሰው አጋጥሞኛል። እኔ `720p` የሚለው እስኪመጣ ጠብቄ ሊንኩን ለእናትየው የላክሁላቸው እኩለ ቀን ላይ ነው።