ተጨማሪ መረጃ፦ የግል ዓላማ መግለጫ በጊፋታ ሲፈተን
«ቤተሰቤን እወዳለሁ፤ ጠንክሬ እሠራለሁ» የሚል መግለጫ ምንም ነገር እምቢ ስለማይል ለውሳኔ አይረዳም። ቦዲቲ ውስጥ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ልብስ ሰፊ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «ልጆቼ 8ኛ ክፍል እስኪጨርሱ አብሬያቸው እኖራለሁ፤ ለበዓል አልበደርም።» ሐዋሳ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢገኝላት የመጀመሪያው ሐሳብ መልሱን ይሰጣታል። ሁለተኛው ግን ይከብዳል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ሲመጣ የሰንጋው ቅርጫና የቅቤው ወጪ አይቀርም። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምራ በየገበያው ቀን ጥቂት ብር ማስቀመጥ ይኖርባታል፤ ቃሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እናንተም የራሳችሁን ከጻፋችሁ በኋላ በቅርቡ ከወሰናችኋቸው ሦስት ነገሮች ጋር አስተያዩት። አንዱንም የማይደግፍ፣ አንዱንም የማይቃወም ከሆነ «እስከ መቼ?» እና «ምን አላደርግም?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ጨምራችሁ እንደገና ጻፉት።