ከወገብ ፀጉር ሥር ምን አለ?

አዲስ በተወለደ ሕፃን ወገብ ላይ፣ ልክ በአከርካሪው መስመር፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ከታየ ሐኪሙ ቆዳውን ብቻ አይቶ አያልፍም። ከሥሩ ያለው ህብለ ሰረሰር በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ያዛል። የቆዳ ምልክት ነርቭን የሚያስጠረጥረው ለምንድን ነው?

በሦስተኛው ሳምንት ፅንሱ ሦስት የሕዋስ ንብርብሮች ያሉት ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከውስጠኛው፣ ከኢንዶደርም፣ ጉበት፣ ቆሽት፣ የአንጀትና የሳንባ የውስጥ ሽፋን ይወጣሉ። መካከለኛው ሜሶደርም ጡንቻን፣ አጥንትን፣ ልብን፣ ደምንና ኩላሊትን ይሠራል።

የላይኛው ኤክቶደርም ነገር ግን ያስገርማል። ከፊሉ የቆዳ ውጫዊ ሽፋን፣ ፀጉርና ጥፍር ይሆናል። በጀርባ መሃል ያለው ክፍል ደግሞ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ግራና ቀኝ ጠርዞቹ ተገናኝተው ቱቦ ይሆኑና ከቆዳው ተላቀው ይሰምጣሉ። ይህ ቱቦ ነው አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው። በመካከሉ በተፈጠረው ክፍተት ሜሶደርም ገብቶ የአከርካሪውን አጥንት ከላይ ይደፍናል።

ቱቦው በታችኛው ጫፉ ሳይዘጋ ከቀረ አጥንቱም ክፍት ይቀራል፤ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ይህ ነው። ከላይ ካልተዘጋ አንጎል በወጉ አይፈጠርም። ቆዳና ነርቭ በደንብ ሳይላቀቁ ሲቀሩ ደግሞ በውጭ የሚታየው ያ ፀጉር ወይም ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመቀመጫ ስንጥቅ ውስጥ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም።

ቱቦው ተዘግቶ የሚያበቃው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች እርግዝናቸውን ገና ባላወቁበት ጊዜ። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት እንዲጀመር የሚመከረው ለዚህ ነው።