ያደረ ቡና

ማታ ተፈልቶ ጀበና ውስጥ የተረፈ ቡና ጠዋት ሞቅ ተደርጎ ይጠጣል ወይ? አብዛኛው ሰው መልሱን ባለፈው ሰዓት ብዛት ይመዝነዋል። እኔ ግን ከሰዓቱ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ቡናው ፈልቷል ወይ? ወተትስ ገብቶበታል?

ከእሳት በወረደ ጥቁር ቡና ውስጥ በሕይወት የሚቀር ባክቴሪያ የለም ማለት ይቻላል። ፍላቱን የሚችሉት ስፖር የሚባሉት፣ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘሮች ብቻ ናቸው። እነሱም ቢነቁ የሚበሉት እምብዛም አያገኙም፤ ጥቁር ቡና ስኳርም ፕሮቲንም ከቁጥር የሚገባ የለውም፣ በዚያ ላይ ትንሽ አሲድነት አለው። ስለዚህ ክዳኑ ተዘግቶ አንድ ሌሊት ያደረ ጥቁር ቡና ሰው የማሳመም ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

የሚሞተው ጣዕሙ ነው። የቡናን ሽታ የሚሰጡት ውሁዶች ቶሎ የሚተኑ ወይም የሚበላሹ ስለሆኑ ሌሊቱን አይቆዩም። ቡናው ሙቀቱን ይዞ በቆየ ቁጥር ደግሞ በውስጡ ያሉ አንዳንድ ውሁዶች ወደ አሲድ ስለሚለወጡ መጎምዘዝ ይጀምራል። ጀበና ላይ ሌላም ችግር አለ፦ ዝቃጩ ከሥር ተቀምጦ እስኪነጋ ድረስ ምሬቱን መልቀቁን አያቆምም። ጠዋት እሳት ላይ ሲመለስ የጠፋው ሽታ አይመጣም፤ የቀረው ምሬት ብቻ ይጎላል። ለጠዋት ማቆየት የፈለገ ሰው ማታውኑ ከዝቃጩ ለይቶ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ቢያቀዘቅዘው ይሻላል።

ጀበናው ሳይታጠብ ሁለት ሦስት ቀን ከተረሳ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እርጥቡ ዝቃጭ አይደርቅም፣ ሻጋታም ይይዛል። አፉን ሲያሸቱት እርጥብ ምድር ቤት የመሰለ ሽታ ከወጣ፣ ወይም ሲያለቀልቁት ነጭ አለዚያም አረንጓዴ ብናኝ ተንሳፍፎ ከመጣ የተረፈውን መድፋት ነው። ጀበናውንም በፈላ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሻጋታ የሚመስል ሁሉ ግን ሻጋታ አይደለም፦ ያደረ ሻይ ላይ ጠዋት የሚታየው ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ሰው ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። እሱ የውሃው ካልሲየም ከሻዩ ውሁዶች ጋር ተያይዞ የሚሠራው ነው፤ ሻጋታ አይደለም።

ቡናው ላይ ወተት ከገባ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ወተት ለባክቴሪያ ስኳርም ፕሮቲንም ያቀርባል፣ የቡናውንም አሲድነት ያለዝባል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ማኪያቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶታል፤ የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ለእንዲህ ያለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ የሚፈቅዱት 2 ሰዓት ነው፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ 1 ሰዓት። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላለ ሰው በሙቀት ወቅት ሁለተኛው ቁጥር ነው የሚሠራው። እንደገና ማፍላትም አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወተቱ ውስጥ ትተውት የሚሄዱት መርዝ በፍላት አይጠፋም።

አሁን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣውን ኮልድ ብሩ እንውሰድ። ይህ ጨርሶ አልፈላም፤ ስለዚህ ከቡናው፣ ከማሰሮውና ከእጅ የመጣ ባክቴሪያ ሁሉ አብሮት ይቆያል። ቤት የሚሠራ ሰው 100 ግራም ሻካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ይዘፍዝፍ። መዘፍዘፊያውም ፍሪጅ ይሁን፣ ወደ 16 ሰዓት ያህል። ከዚያ በወረቀት ማጥለያ አጥልሎ በትናንሽ ጠርሙሶች ያከፋፍል፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው አይነካም። ወተት የሚጨመረው ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ሲኒው ላይ ነው። በ4 ዲግሪ የተቀመጠ ንጹሕ ኮልድ ብሩ ጣዕሙ ለጥቂት ቀናት ጥሩ ነው፤ እኔ ከሳምንት በላይ የቆየውን አልጠጣም። ክዳኑ ሲከፈት ጋዝ ካስወጣ፣ ከተዝለገለገ ወይም ጠላ ጠላ ከሸተተ ቀኑ ባይሞላም ይደፋ።

አፍንጫ ግን ሁሉንም አይለይም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው ዴዝ ዊሽ ኮፊ፣ ናይትሮጅን የተሞላበት ኮልድ ብሩ ጣሳዎቹን ከገበያ ሰብስቧል። የታመመ ሰው አልተገኘም፤ ምክንያቱ የአሠራሩ ጉዳይ ነበር። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ይራባል፣ የቡናው አሲድነትም እሱን ለማገድ አይበቃም፤ መርዙ ደግሞ ሲሸትም ሲቀመስም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ያልፈላ ቡና አየር አስወጥቶ በማሸጊያ መሣሪያ እየዘጉ ከፍሪጅ ውጭ ማከማቸት በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።