ዴቢትና ክሬዲት፦ የሚወጣው የማን ገንዘብ ነው?

አሜሪካ ገብቶ የመጀመሪያ ሂሳቡን ለሚከፍት ሰው ባንኩ የሚሰጠው ዴቢት ካርድ ነው። አገር ቤት ከኤቲኤም ብር እንደምናወጣበት ካርድ፣ ከራስዎ ሂሳብ ይቀንሳል። ክሬዲት ካርድ ግን ብድር ነው፤ በማመልከቻ ይጠየቃል፣ ለሻጩ ባንኩ ይከፍላል፣ እርስዎ ለባንኩ ይመልሳሉ።

ልዩነቱ ነዳጅ ማደያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሂሳብዎ ውስጥ 560 ዶላር አለ እንበል፤ ነገ 500 ለቤት ኪራይ ይወጣል። በዴቢት ካርድዎ የ30 ዶላር ቤንዚን ቀዱ። ማሽኑ ምን ያህል እንደሚቀዱ አስቀድሞ ስለማያውቅ ለምሳሌ 100 ዶላር ሊይዝ ይችላል። ትክክለኛው ሂሳብ እስኪወራረድ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ፣ ማንቀሳቀስ የሚችሉት 460 ብቻ ነው፤ የኪራዩ ክፍያ ሊመለስ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገብተው ለካሸሩ የ30 ዶላር ቀድመው ይክፈሉ። በክሬዲት ቢሆን የሚያዘው ከብድር ጣሪያዎ ላይ ስለሆነ የኪራዩን ገንዘብ አይነካም።

ክሬዲትም ወጥመድ አለው፤ ለእኔ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው። የ400 ዶላር ቢል ሲመጣ «ዝቅተኛ ክፍያ 35 ዶላር» የሚል መስመር ይኖረዋል። 35ቱን መክፈል ከመዘግየት ቅጣት ያድናል እንጂ ከወለድ አያድንም። በየወሩ ሙሉውን በቀነ ገደቡ የሚከፍል ሰው ግን ለገዛው ዕቃ ወለድ አይከፍልም።

ካርድ ቢሰረቅስ? በሕጉ የክሬዲት ኃላፊነትዎ ከ50 ዶላር አያልፍም። የዴቢት ግን መጥፋቱን ካወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተናገሩ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የባንኩን ስልክ ዛሬውኑ ይመዝግቡ።